እማዬ፣ ባትሽን እንዳታሺው

እማዬ፣

ወንድሜ መኪና ይዞ እየመጣ ነው። እስኪደርስ ይህን አንብቢ። «ለእግር እብጠት ደግሞ ሐኪም ቤት?» ብለሽኝ የለ፤ ለምን እንዳጣደፍኩሽ ረጋ ብዬ ልንገርሽ።

ያስደነገጠኝ ያበጠው አንድ እግርሽ ብቻ መሆኑ ነው። ብዙ በመቀመጥ የሚመጣ እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም እግር ይይዛል። እህቴን ከጉልበትሽ በታች ካለችው የአጥንት ጉብታ 10 ሴንቲሜትር ወርዳ ባትሽን እንድትለካው ያደረግኩት ለዚህ ነው። ግራው 38፣ ቀኙ 34 ሆነ። ከ3 ሴንቲሜትር በላይ ልዩነት ሐኪሞች ደም መርጋትን ሲጠረጥሩ ከሚያዩዋቸው ምልክቶች አንዱ ነው።

«የጉልበቴ ቀዶ ጥገና ነው ያሳበጠው» ትያለሽ። ሊሆን ይችላል። የቆዳ ኢንፌክሽን ወይም የጡንቻ ጉዳትም እንዲሁ ያሞቃል፣ ያሳብጣል። ግን በዓይን አይለይም። ደግሞ ቀዶ ጥገናው ራሱ ነው ይበልጥ የሚያሳስበኝ። ስንራመድ የባት ጡንቻ ደሙን ወደ ላይ ይገፋዋል። አንቺ ግን ሰሞኑን የምትውይው ተኝተሽ ነው። ደሙ ሲዘገይ፣ ከቀዶ ጥገና በኋላ ደግሞ ቶሎ መርጋት ሲወድ፣ በባት ውስጥ ያለው ጥልቅ ደም ሥር ሊደፈን ይችላል።

አደጋው እግሩ ላይ አያበቃም። ከረጋው ደም ቁራጭ ከተላቀቀ በልብ በኩል አልፎ የሳንባን ደም ሥር ይዘጋል። ትንፋሽ ካጠረሽ፣ አየር ስትስቢ ደረትሽን ከወጋሽ፣ ደም ካሳለሽ ወይም ራስሽን ልትስቺ ከመሰለሽ ወንድሜን አትጠብቂ፤ ወዲያው አምቡላንስ ይጠራ።

እስከዚያው ባትሽን ማንም እንዳይነካካው። መታሸት የለም፣ በትኩስ ጨርቅ መጠቅለልም የለም። የሚያጠብቀውን ካልሲ በራስሽ አታድርጊ። ማስታገሻ ውጠሽ ህመሙ ቢለቅሽም «ተሻለኝ» ብለሽ እንዳትቀሪ፤ ህመሙ ሲቀንስ የረጋው ደም እዚያው ሊኖር ይችላል። የሰው የደም ማቅጠኛ ደግሞ በፍጹም አትውሰጂ፤ ቁስልሽ ገና አልጠገገም፣ ሊያደማሽ ይችላል። እስከ መኪናው ቀስ ብለሽ ብትራመጂ ግን ችግር የለውም።

እዚያ ስትደርሺ አልትራሳውንድ ያነሱሻል። በመሣሪያው ደም ሥሩን ጫን ይሉታል። ጤነኛ ከሆነ ጠፍጠፍ ይላል፤ ደም ከረጋበት አልጨፈለቅም ይላል። ተረጋግጦ መድኃኒት ቢጀምሩልሽ፣ የረጋው ደም እንዳያድግና አዲስ እንዳይፈጠር ያደርጋል፤ ያለውን ሰውነትሽ ራሱ ቀስ በቀስ ያጠራዋል። አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ 3 ወር ይወሰዳል። አውቅሻለሁና፣ እብጠቱ ሲጎድል መድኃኒቱን በራስሽ እንዳታቆሚው።

የቀዶ ጥገናውን ወረቀትና የምትውጫቸውን መድኃኒቶች በሙሉ በአንድ ፌስታል ያዢ። አስፕሪኗንም ጨምሪ፤ «እሷ እንኳ ምንም አይደለች» ብለሽ እንዳትተያት። ሐኪሙ ሲያይሽ ደውይልኝ፣ እኔም ላናግረው።

ልጅሽ