የፈረንሳይኛ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ፈረሶችና ፀጉር

በጥቅምት ወር ስለ ቤተሰባቸው አጭር ጽሑፍ እንዲያዘጋጁ ከጠየቅኋቸው የክበቡ አባላት አንዱ፣ እኅቱ ረጃጅም ጥቁር ፈረሶች እንዳሏት ጽፎ አመጣ። ልጁ ሊናገር የፈለገው ስለ ፀጉሯ ነበር። ፀጉር በፈረንሳይኛ «ሸቨ» ሲባል ፈረሶች ደግሞ «ሸቮ» ይባላሉ፤ በጽሑፍ ሁለቱም በኤክስ ያልቃሉ፣ የሚለያዩትም በመካከላቸው ባለች አንዲት ፊደል ብቻ ነው። ክፍሉ በሳቅ ሞላ፣ እኔም የዓመቱን ሥራችንን አገኘሁ።

ልጆቹ አዲስ ቃል ሲማሩ ድምፁን በአማርኛ ፊደል ደብተራቸው ላይ የመጻፍ ልማድ አላቸው። ሌሎች መምህራን ይህን ይከለክላሉ። እኔ ግን ዘንድሮ ፈቀድኩ፤ ምክንያቱም ፊደላችን የሚጽፈው ጆሮ የሰማውን ብቻ ስለሆነ ችግሩን ገልጦ ያሳያል። ጀልባ «ባቶ» ነው፤ ጀልባዎችም «ባቶ»። ብዛቱን የምንሰማው ከፊቱ ባለው መስተአምር ነው፦ «ለ ባቶ» አንድ ጀልባ፣ «ሌ ባቶ» ብዙ ጀልባ። በላቲኑ ጽሑፍ ግን በኢ፣ ኤ እና ዩ የሚያልቅ ስም ሁሉ ሲበዛ ኤክስ ይጨምራል። በኢ እና ዩ የሚያልቁትም አብዛኞቹ እንዲሁ ናቸው፤ «ዠ»፣ ማለትም ጨዋታ፣ ኤክስ ይወስዳል። የመኪና ጎማ፣ «ፕነ»፣ እና ሰማያዊ ቀለም፣ «ብለ»፣ ግን አሻፈረን ብለው ኤስ ይወስዳሉ።

በኤ እና ኤል የሚያልቁት አብዛኞቹ ግን ለጆሮም ይለወጣሉ። «ሸቫል» «ሸቮ»፣ «ዡርናል» (ጋዜጣ) «ዡርኖ»፣ «ኦፒታል» (ሆስፒታል) «ኦፒቶ» ይሆናሉ። አንዲት ተማሪ «ኤሉ የት ሄደ?» ብላ ጠየቀች። ጥሩ ጥያቄ ነበር፣ አንድ ሙሉ ሐሙስ ሰጠሁት። በጥንቱ ፈረንሳይኛ ኤል ከብዛቱ ኤስ በፊት ሲመጣ ድምፁ ላልቶ ወደ «ው» ተለወጠ። የመካከለኛው ዘመን ጸሐፍት ደግሞ ዩ እና ኤስን አንድ ላይ የሚጽፉበት ምሕጻረ ምልክት ነበራቸው፤ መልኩ ከኤክስ ጋር ይመሳሰላል። በኋላ የመጡት ምልክቱን ኤክስ ብለው አነበቡት፣ ዩ የጎደለ መስሏቸውም እንደገና ጨመሩበት። ዛሬ ልጆቼ የሚሳሳቱበት ኤክስ የብራና ጸሐፊ አቋራጭ መንገድ ትራፊ ነው።

ደንቡን ባወቅን ማግስት ወደቅን። መጋቢት 11 ለሚከበረው የፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ቀን ባዘጋጀነው ትልቅ ወረቀት ላይ ልጆቹ የ«ፌስቲቫል»ን ብዛት «ፌስቲቮ» አድርገው ጻፉ። ወረቀቱን አይቼ ያጸደቅሁት እኔ ነበርኩ፤ ስሕተቱን ያየች እንግዳ ናት። ፌስቲቫል፣ ካርናቫል፣ «ባል» (የዳንስ ግብዣ)፣ «ሻካል» (ቀበሮ) እና ጥቂት ሌሎች ኤላቸውን አይለቁም፣ ኤስ ብቻ ይጨምራሉ። እነዚህን በቃል ከማጥናት ሌላ መንገድ አላገኘሁላቸውም።

ከፋሲካ በኋላ ወደ ጥምር ስሞች ገባን፤ እዚህ ላይ አማርኛ ረዳን። «ቤተ መጻሕፍት» ሲበዛ «አብያተ መጻሕፍት» ይሆናል፤ የሚበዛው ቤቱ ነው። ከለገሃር ተነስቶ ጅቡቲ ይገባ የነበረው ባቡር መንገድ በፈረንሳይኛ «ሽመን ደ ፌር»፣ የብረት መንገድ ይባላል። መንገዱ ሲበዛ ኤስ ይወስዳል፣ ብረቱ እንዳለ ይቀራል። ቀስተ ደመና፣ «አርክ አን ሲየል»፣ ቃል በቃል በሰማይ ያለ ቀስት ነው፤ ቀስቱ ይበዛል፣ ሰማዩ አንድ ነው። አበባ ጎመን፣ «ሹ ፍለር»፣ ሁለት ስሞች ስለሆኑ ሁለቱም ይበዛሉ፤ ጎመኑ ኤክስ፣ አበባው ኤስ ይወስዳል። የክፍሎቹን ዓይነት መጠየቅ ይረዳል፦ ስምና ቅጽል በአብዛኛው ይበዛሉ፣ ግሥ፣ መስተዋድድና ከመስተዋድድ በኋላ የሚመጣ ስም ግን አይነኩም።

ክርክሩን ያስነሳው «ግራት ሲየል»፣ ሰማይ ፋቂ፣ ማለትም ሰማይ ጠቀስ ሕንጻ ነበር። በድሮው አጻጻፍ ብዙ ሕንጻ ቢሆንም አይለወጥም፤ ግሡ አይበዛም፣ ሰማዩም አንድ ነው። በ1990 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው የአጻጻፍ ማሻሻያ ግን መጨረሻው ላይ ኤስ እንዲገባ ፈቀደ። ልጆቹ በሁለት ጎራ ተከፈሉ። በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ሁለቱን እንዳይቀላቅሉ ብቻ ነግሬ ተውኳቸው፤ ለራሴ የድሮው ይጥመኛል።

በሰኔው የመጨረሻ የቃል ጽሕፈት አብዛኞቹ አሁንም የጎማን ብዛት በኤክስ ጻፉ። ያልሳተው ያ የፈረሶቹ ልጅ ነው። አባቱ ጎሚስታ ናቸው፤ ቃሉን በየቀኑ እንደሚያስበው ነገረኝ።