ደረሰኙ ጠፍቶ ንብረቱ ለተሰረቀበት ደንበኛችን

ለውድ ደንበኞቻችን፦

ሰሞኑን ፒያሳ ወዳለው ቢሯችን የመጡ ሰዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ይዘው ነው የመጡት። «ሌባ ገባብኝ። ኢንሹራንሱ ደረሰኝ አምጣ ይለኛል። ደረሰኙ ደግሞ የለም። አለቀልኝ ማለት ነው?»

አላለቀም። እኛ የመድን ወኪል ነን እንጂ ካሳ የምንወስን አይደለንም። የካሳ ክፍሉ ምን አይቶ እንደሚቀበልና ምን አይቶ እንደሚመልስ ግን ፋይል በማመላለስ ብዛት አውቀነዋል።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። መኪና ሊብሬ አለው፣ ቤት ካርታ አለው። የልብስ ስፌት ማሽን ግን ምንም የለውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1193 ላይ፣ የሚንቀሳቀስ ዕቃ በእጁ ያለ ሰው ባለቤቱ እንደሆነ ይገመታል ይላል። ችግሩ ዕቃው ሲሰረቅ ከእጃችሁ መውጣቱ ነው። ስለዚህ የምታስረዱት «ገዝቼዋለሁ» የሚለውን ብቻ አይደለም። «እስከዚያች ሌሊት ድረስ እኔ ዘንድ ነበር» የሚለውንም ጭምር ነው። ደረሰኝ መግዛታችሁን ያሳያል፤ ዕቃው ከአንድ ዓመት በኋላም እናንተ ጋ እንደነበር ግን አያሳይም። ይኼ ደረሰኝ ላጣ ሰው መልካም ዜና ነው፣ ሁለተኛውን ነገር የሚያሳይ ማስረጃ ብዙ ጊዜ አይጠፋምና።

ሙጋድ አካባቢ ልብስ የሚሰፉ አንዲት ደንበኛችን አሉ። ታሪካቸውን እንድንጽፍ ፈቅደውልናል፣ ስማቸውን ግን አንጠራም። አንድ ሌሊት ጓጉንቸራቸው ተቆርጦ የኢንዱስትሪ ስፌት ማሽን፣ ኦቨርሎክ፣ ለሱቁ ሥራ የሚጠቀሙበት ስልክና ጥቂት ጨርቅ ተወሰደባቸው።

ማሽኑን የገዙት ሥራ ካቆመች ሌላ ሰፊ ላይ ነው። ድሮም ደረሰኝ አልነበረውም። ሌባው የወሰደው የማሽኑን ራስ ብቻ ነበር። ጠረጴዛው፣ ከሥሩ ያለው ሞተርና የተቆረጠው ቺንጋ እዚያው ቀርተዋል። እሳቸው ቦታውን ጠራርገው ሊያስተካክሉ ሲሉ «ኧረ አይንኩት!» አልናቸው። ገማቹ መጥቶ ጠረጴዛው ላይ የተቆረጠውን የማሽኑን ራስ ማስገቢያ ለካ፤ ልኩ ካሉት ማሽን ጋር ገጠመ። የተቆረጠው ጓጉንቸርም ፎቶ ተነሳ። ሰብሮ ስለመግባት የሚሸፍን ውል ከሆነ የመስበሩ ምልክት ራሱ ማስረጃ ነው። በሩን ከመጠገናችሁ በፊት ከቅርብም ከሩቅም ፎቶ አንሱት።

ከዚያ ቁጥሩ መጣ። ማሽኑ ላይ ባለችው ትንሽ ብረት ላይ የተጻፈውን ሲሪያል ቁጥር እሳቸው አያውቁትም። መካኒካቸው ግን ያውቃል። ዘይት የቀየረበትንና መርፌ ያስተካከለበትን ቀን በደብተሩ ሲይዝ የማሽኑንም ቁጥር ይጽፍ ነበር። የዚያች ገጽ ኮፒ ከአሥር ምስክር በላጭ ሆነች። ደብተሩን የያዘው ሰው በካሳው የሚያገኘው ጥቅም የለም፤ የጻፈውም ስርቆቱ ሳይታሰብ ነው። ገማች የሚወደው እንዲህ ያለውን ወረቀት ነው። የቀድሞዋ ባለቤትም መሸጧን በጽሑፍ አረጋግጣ ፈረመች፤ የመታወቂያዋን ኮፒም አያያዘች።

ፎቶስ? ፎቶዎቻቸው በሙሉ ያሉት በተሰረቀው ስልክ ላይ ነበር። ግን የሰፉትን የሙሽራ ቀሚስ ቴሌግራም ላይ ይለጥፉ ነበርና ከቀሚሱ ጀርባ ማሽኑ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ቀኑም ከሥሩ አለ። እዚህ ላይ አንድ ነገር እወቁ፦ ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ስትልኩት ጥራቱን ይቀንሳል፣ ከውስጡ ያለውን የተነሳበትን ቀንና ቦታ መረጃም ያወጣል። ለማስረጃ የምትልኩትን ፎቶ እንደ ፋይል ላኩት።

የኦቨርሎኩ ነገር ያስቃልም ያናድዳልም። ደረሰኝ ነበራቸው። እንዳይበላሽ ብለው ላሚኔት አስደረጉት! የካሽ ሬጅስተር ወረቀት የሚታተመው በሙቀት ነው፤ ላሚኔተሩ ሲያሞቀው ሙሉ በሙሉ ጠቆረ። ሳይሞቅም ቢሆን በፀሐይ፣ በዘይትና በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ እየደበዘዘ ይጠፋል። መፍትሔው በገዛችሁበት ቀን ፎቶ ማንሳት ወይም ኮፒ ማድረግ ነው፣ ሌላ የለውም። እሳቸው ክፍያውን በባንክ ስላስተላለፉ የሒሳብ መግለጫ አወጡ። መግለጫው ቀኑን፣ የብሩን መጠንና የተቀባዩን ስም ይናገራል፤ ምን እንደተገዛ ግን አይናገርም። ስለዚህ ሻጩ ዘንድ ሄደው «በዚህ ቀን ይህንን ዕቃ፣ በዚህ ዋጋ ሸጬላቸዋለሁ» የሚል ደብዳቤ በማኅተም ተቀበሉ። ሁለቱ ወረቀቶች ለየብቻቸው ጎደሎ ናቸው፣ አንድ ላይ ሲሆኑ ይሞላሉ።

ልብ በሉ፣ የደብዳቤው ቀን ደብዳቤው የተጻፈበት ዕለት ነው። አንዳንድ ሰው ሻጩን ለምኖ ያለፈ ቀን ያለው ደረሰኝ ያስቆርጣል። ተዉት! የካሳ ክፍሉ ሱቁ ድረስ ይደውላል፣ የደረሰኙን ተራ ቁጥር ከፊቱና ከኋላው ካሉት ጋር ያስተያያል። ያቺ አንዷ ወረቀት ሐሰተኛ ሆና ከተገኘች እውነተኛው ጥያቄያችሁም አብሮ ይወድቃል።

ፕሮፎርማም ይዘው የሚመጡ አሉ። ፕሮፎርማ የዛሬን ዋጋ ያሳያል እንጂ የእናንተ ስለመሆኑ አንዲት ቃል አይናገርም። ማንም ሰው ሱቅ ገብቶ ሊያስወጣው ይችላል። በኋላ ዋጋ ሲገመት ይጠቅማችኋል፤ ያን ጊዜም ዕቃው ያረጀበት ይቀነሳል።

ስልኩ ቀላል ነበር፣ በውሉ ዝርዝር ውስጥም ተጽፏል። ካርቶኑ ተጥሏል፤ ነገር ግን ልጃቸው በእናቷ ጂሜይል android.com/find ላይ ገብታ የስልኩን መለያ ቁጥር፣ አይኤምኢአዩን፣ አገኘች። ስልካችሁ ገና በእጃችሁ ከሆነ አሁኑኑ *#06# ደውሉና የሚወጣውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉት። ስልኩ ላይ ብቻ ሴቭ ካደረጋችሁት አብሮ ይሄዳል።

ያስቸገረን ጨርቁ ነው። በማግስቱ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ቃል ሲሰጡ ተደናግጠው ስለነበር ማሽኖቹንና ስልኩን ብቻ አስመዘገቡ። ጨርቁን ያስታወሱት ከሳምንት በኋላ የካሳ ቅጹን ሲሞሉ ነው። የተገዛበት ማስታወሻ የለም፣ የፖሊሱ ወረቀት ላይም የለም። የሦስቱ ዕቃዎች ተከፈለ፣ የጨርቁ ተመለሰ። ዋሽተዋል ያላቸው የለም፤ ሁለቱ ዝርዝሮች ግን አልተገናኙም። ጣቢያ ስትሄዱ «ለጊዜው ያየሁት ይኼን ነው፤ ቆጥሬ የጎደለውን እጨምራለሁ» ብላችሁ አስጽፉ። ቆጥራችሁም በማግስቱ ተመልሳችሁ አስጨምሩ።

በ2014ቱ ጦርነት ወረቀቱ የጠፋበት ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ብዙ ነው። ለእነዚህ ደንበኞቻችን የምንለው ውላችሁን ስታድሱ ሲሪያል ቁጥሮቻችሁን ጽፋችሁ አምጡልን። ከውሉ ጋር አያይዘን እንልካለን፣ አንድ ኮፒም በቢሯችን ይቀመጣል። ቁጥሩ የት እንዳለ ካላገኛችሁት ደውሉልን፤ ቅዳሜ ከሰዓት ሱቃችሁ ድረስ መጥተን አብረን እንፈልገዋለን።

ከሰላምታ ጋር
የመድን ወኪል ቢሯችሁ
ደሴ፣ ፒያሳ