አጎቴን የገጨው ሚኒባስ ከሞት ወረቀቱ ላይ የት ገባ?

ይድረስ ለሆስፒታሉ ሜዲካል ዳይሬክተር
አዲስ አበባ

ክቡር ዳይሬክተር፣

የሆስፒታልዎን ስም እዚህ አልጠራም። እርስዎ ያውቁታል፤ መዝገብ ቤትዎም እኔን ያውቀኛል። ማመልከቻዬ እዚያ ቁጥር ወጥቶለት ተኝቷል። መጀመሪያ “ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው” ተባልኩ። ቀጥሎ “የፈረመው ሐኪም ተዛውሯል” ተባልኩ። በመጨረሻ “አንዴ የተፈረመ ወረቀት አይነካም” ተብዬ ተሸኘሁ። እንግዲህ ቢሮዎ ካልሰማኝ ሰው ይስማኝ ብዬ ነው በአደባባይ የምጽፍልዎ።

አጎቴ አራት ኪሎ አካባቢ መንገድ ሲሻገሩ ሚኒባስ ገጫቸው። የጭን አጥንታቸው ዳሌያቸው አጠገብ ተሰበረ። እናንተ ጋ ተኝተው የኦፕራሲዮን ተራ ሲጠብቁ በ14ኛው ቀን አረፉ።

የሰጣችሁን የሞት ምክንያት ወረቀት ግን ሚኒባስ የሚባል ነገር አያውቅም። መስመር ኤ ላይ “የልብና የትንፋሽ መቆም” ይላል። ቢ ላይ “በረጋ ደም የሳንባ ደም ሥር መዘጋት”፣ ሲ ላይ ደግሞ “የስኳር በሽታ”። ዲ ባዶ ነው። የተሰበረው አጥንት ታች ክፍል ሁለት ውስጥ ተወርውሯል። እያንዳንዱ ሕመም ከጀመረ ስንት ጊዜ እንደሆነው የሚሞላበት ዓምድም እንዳለ ባዶ ቀርቷል።

ባለቤታቸው ይህን ይዘው ሚኒባሱ ወደተመዘገበበት ኢንሹራንስ ሄዱ። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው፤ ገጭቶ ለገደለ መኪና ካሣ የሚከፈለው በዚያ ነው። መስኮቱ ላይ የነበረው ልጅ ወረቀቱን አየት አደረገና “እማማ፣ በስኳር ነው የሞቱት ይላል እኮ” አላቸው። በልጁ አልፈርድም። የተጻፈውን ነው ያነበበው። ትራፊክ ፖሊስ ጋ ያለው መዝገብም እስከ ዛሬ “የአካል ጉዳት” እንደሆነ ነው። ሹፌሩ ሰው እንዳልገደለ የሚመሰክርለት የእርስዎ ማኅተም ነዋ!

ክቡር ዳይሬክተር፣ ቅጹ የዓለም ጤና ድርጅት ቅጽ ነው፤ አሞላሉን እኔ ላስተምርዎ አልልም። ኤ ላይ የሚጻፈው በቀጥታ የገደለው ነገር ነው። ከሥሩ ያለው እያንዳንዱ መስመር “ይህኛው በምን መጣ?” ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው። እንዲህ እየተወረደ መጨረሻ የተሞላው መስመር ላይ ነገሩን ሁሉ የጀመረው ይገኛል። በኮድ የሚቆጠረው፣ ኢንሹራንሱም ፍርድ ቤቱም የሚያየው ያንኑ ነው። ሞቱን ያገዘ፣ ግን በሰንሰለቱ ውስጥ የሌለ በሽታ ክፍል ሁለት ይገባል። ይህን ሁሉ ያውቁታል። እኔም በሌላ ቦታ የሞት ወረቀት ኮድ እያደረግሁ ለዓመታት እንጀራ በልቼበታለሁ፤ ስለዚህ “አልገባሽም” የሚለው መልስ አይሠራም።

መስመር ኤን እንየው። ልቡ ሳይቆም የሞተ ሰው ካለ ያሳዩኝ። የልብ መቆም ሞት ራሱ ነው፤ ሰውየው ለምን እንደሞቱ አይናገርም። አንድ መስመር በከንቱ ባከነ፣ ሌላውም ሁሉ አንድ ደረጃ ወደ ታች ተገፋ።

የባሰው መስመር ሲ ነው። ወረቀቱን የሞላው ልጅ እንዴት እንዳሰበ ይገባኛል። ካርዱ ላይ “የ10 ዓመት የስኳር ሕመምተኛ” የሚል አገኘ። ከሁሉ የቆየው እሱ ስለሆነ ሥሩ እሱ ነው ብሎ ታች አስቀመጠው። የጊዜው ዓምድ ቢሞላ እንኳ ይህ ስህተት አይታይም ነበር። ከላይ ወደ ታች ሲነበብ አንድ ሰዓት፣ ከዚያ 10 ዓመት ይልና ቅደም ተከተሉን የጠበቀ ይመስላል። ስህተቱን የሚያጋልጠው ከታች ወደ ላይ ማንበብ ነው። ስኳር አጎቴን አስፋልት ላይ ጣላቸው? አጥንታቸውን ሰበረ? 14 ቀን አልጋ ላይ አስተኛቸው? እግራቸው በስኳር ቆስሎ፣ ቁስሉ ገምቶ፣ መርዙ ደማቸው ውስጥ ገብቶ ቢሞቱ ኖሮ ስኳሩ መጨረሻው መስመር ላይ ቢጻፍ አፌን አልከፍትም። የእሳቸው ስኳር ግን በኪኒን ተይዞ የኖረ ነው።

ካርዱን መዝገብ ቤታችሁ ውስጥ፣ ሠራተኛዋ አጠገቤ ቆማ፣ ገጽ በገጽ አንብቤዋለሁ። የድንገተኛ ክፍሉ ማስታወሻ “እግረኛ፣ በሚኒባስ የተገጨ” ብሎ ይጀምራል። ራጁ የጭን አጥንት አንገት ስብራት ይላል። በ12ኛው ቀን ነርሷ “የግራ ባት አብጧል፣ ሲነካ ያማል” ብላ በሚያምር እጅ ጽሑፍ አስፍራለች። በማግስቱ የተነሣው የዶፕለር አልትራሳውንድ እግራቸው ውስጥ ደም መርጋቱን አረጋግጧል። በ14ኛው ቀን ሌሊት ድንገት ትንፋሽ አጠራቸው፣ ደረታቸውን ያዙ፣ ኦክስጅናቸው ወረደ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ አለቀ። ታሪኩ ሙሉ ነው፤ ምንም አልጎደለም። ተረኛው ያነበበው የመጨረሻውን ገጽና የቆየ በሽታ የሚሞላበትን ሳጥን ብቻ ይመስለኛል። ሌሊት ነው፣ አስከሬን የሚጠብቅ ቤተሰብ በር ላይ ቆሟል፣ ቶሎ በል ይባላል። እሱን አልቀየመውም። ወረቀቱን ቀን በብርሃን ያየ፣ ማኅተም የመታ ሰው ግን ነበር።

ከዚሁ ካርድ የሚወጣው ወረቀት ይኸውና። ኤ፣ በረጋ ደም የሳንባ ደም ሥር መዘጋት፣ አንድ ሰዓት። ቢ፣ የግራ እግር የውስጥ ደም ሥር ውስጥ ደም መርጋት፣ 2 ቀን። ሲ፣ የግራ ጭን አጥንት አንገት ስብራት፣ 14 ቀን። ዲ፣ እግረኛ ሆነው በሚኒባስ መገጨት፣ 14 ቀን። ክፍል ሁለት፣ የስኳር በሽታ፣ 10 ዓመት። አሁን ከታች ወደ ላይ ያንብቡት። መኪናው ገጨ፣ አጥንቱ ተሰበረ፣ ባለመንቀሳቀሳቸው ደሙ እግር ውስጥ ረጋ፣ የረጋው ተነሥቶ ሳንባ ዘጋ። የትኛውም ቦታ ላይ አይሰናከልም።

አንድ ኃላፊዎ “የሳንባው ነገር በሲቲ ስካን አልተረጋገጠም፣ ስለዚህ ሰንሰለቱን መቀጠል አንችልም” ብለውኛል። ጥሩ፣ ታዲያ ለምን ቢ ላይ ጻፋችሁት? ቅጹ የሚጠይቀው የሐኪሙን የተሻለ ግምት ነው፤ እርግጠኛ ካልሆነ “ሳይሆን አይቀርም” ብሎ መጻፍ ይችላል። ደግሞም ከሳንባው ይልቅ የተረጋገጠው መኪናው ነው። አጎቴን የፖሊስ መኪና ጭኖ ነው ያመጣላችሁ።

“የተፈረመ አይነካም” የሚለውም አይዋጥልኝም። አሮጌውን ይቅደዱ አላልኩም። ፋይል ውስጥ ይቀመጥ፤ ካርዱን ያነበበ ሐኪም የታረመውን ይጻፍ፣ ቀኑንና ስሙን ያስቀምጥ፣ ይፈርም። ከዚያ ቅጂው ለወረዳው ወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ይላክ፤ እዚያም የተመዘገበው ይኸው ስኳር ነውና።

ካርዱ መዝገብ ቤታችሁ ነው። አስወጥቶ ለማንበብ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። የአጎቴ ባለቤት ኢንሹራንሱ የሰጣቸው ቀነ ገደብ ሳያልፍ መልስዎን በጽሑፍ እጠብቃለሁ። “አይታረምም” የሚሉ ከሆነም ምክንያቱን ጽፈው፣ ፈርመው ይስጡኝ፤ ለፍርድ ቤት የማቀርበው እሱን ይሆናል።

የሟች የእህት ልጅ
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ