ከዝናብ በኋላ ስለሚደፈርሰው ጉድጓድህ

ወንድም ዓለም፣ እንዴት ከረምህ? ልጆቹስ፣ ከብቱስ? ከፋሲካ ወዲህ ድምፄን አጥፍቻለሁ፤ ሰበብ አልደረድርብህም። የእነዋሪው ጉድጓድህ ዝናብ በጣለ ቁጥር ይደፈርሳል ማለትህን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

በመጀመሪያ የሚደፈርስበትን ሰዓት ያዝ። ዶፉ ከጣለ በሁለት በሦስት ሰዓት ውስጥ ከደፈረሰ ጎርፉ ከላይ፣ በአፉ ዙሪያ እየገባ ነው። በአፈር ተጣርቶ የሚመጣ ውሃ እንዲህ አይፈጥንም። ዝናብ ሳይኖርም ብዙ ሲቀዳ ብቻ የሚደፈርስ ከሆነ ደግሞ ከሥር የተኛው ደለል እየተበጠበጠ ነው፤ እሱ መጠረግ ብቻ ይፈልጋል።

እኔ የምጠረጥረው የመጀመሪያውን ነው። የእናንተ መረሬ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ከጉድጓዱ ግንብ ጀርባ ከወረደ ለጎርፍ ቦይ ሆነለት ማለት ነው። የተለሰነው ሲሚንቶ ከላይ ደኅና ቢመስልም ከሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል። በድንጋይ መታ መታ አድርገው፤ እንደ ከበሮ ካስተጋባ ባዶ ነው።

ከዚያ ዝናብ በሌለበት ቀን፣ ፀሐይ ስትወጣ፣ ሁለት ጀሪካን ንጹሕ ውሃ በግንቡ ዙሪያ ቀስ እያልህ አፍስስ። በመስታወት ብርሃኑን ወደ ጉድጓዱ መልሰህ ግድግዳውን ተመልከት። በግማሽ ሰዓት ውስጥ የረጠበ መስመር ከወጣ ቀዳዳውን አገኘኸው። ምንም ባይታይ ግን ነጻ ነው አትበል፤ ዶፍ የሚያመጣው ውሃ ከሁለት ጀሪካን እጅግ ይበልጣል። አደራ፣ ለማየት ብለህ እንዳትወርድ፤ ከታች ያለው አየር ሰው ይገድላል።

ጥገናው እንዲህ ነው፦ በግንቡ ዙሪያ ግማሽ ሜትር ስፋት፣ ቢያንስ አንድ ሜትር ጥልቀት ቆፍር። የወጣውን መረሬ መልሰህ አትሙላው፤ በበጋ ያው ይሰነጠቃል። ለሸክላ ሥራ የሚሆን ቀይ ጭቃ አምጥተህ፣ በትንሹ አርጥበህ፣ በአንድ ስንዝር በአንድ ስንዝር እየደለደልህ ጠቅጥቀው። ከላይ ወደ ውጭ ያዘነበለ፣ አንድ ሜትር ተኩል የሚሰፋ ሲሚንቶ ለስንበት። የፈሰሰውም ውሃ እዚያው እንዳይተኛ በቦይ አርቀው።

እስከዚያው የደፈረሰውን በዕቃ አሳድሩት። አሸዋ ከሆነ ወዲያው ይዘቅጣል፤ ጭቃው ግን አድሮም ላይጠራ ይችላል። የላይ የላዩን ቀድታችሁ፣ ንጹሕ አሮጌ ነጠላ አራት እጥፍ አድርጋችሁ አጥልሉት፤ ከዚያ አፍሉት። እናንተ ደጋ ስለሆናችሁ ውሃው ቶሎ ቢንተከተክም ሙቀቱ ከቆላው ያንሳል፤ ስለዚህ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ክሎሪን በድፍርስ ውሃ ላይ ጉልበቱን ጭቃው ይበላበታል፣ አትመኑበት።

ባፈሰስህ ማግስት ጻፍልኝ፤ እርጥበቱ ከአፉ ስንት ክንድ ዝቅ ብሎ እንደወጣ ከነገርኸኝ፣ ቁፋሮው አንድ ሜትር ይብቃው ወይስ ይጨመርበት እንደሆነ አብረን እንወስናለን።

ወንድምህ