ጉዳዩ፦ «ያለ ጥያቄ» ተብሎ በጥያቄ ያለቀ ንባብን ይመለከታል

ለታሮት ንባብ አገልግሎቱ የደንበኞች ክፍል

ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስቴም «ቅሬታዎ ደርሶናል» ብቻ ስለተባልኩ የቀደመውን አልደግምም፤ ፋይላችሁ ውስጥ አለ። የአሁኑ ስለ አንድ ቃል ነው። «አንባቢያችን ምንም ሳትጠይቅ ትናገራለች» ብላችሁኝ ነበር።

አንባቢዋ አፋቸውን የከፈቱት «ወንድም የለዎትም፣ አይደል?» በማለት ነው። አለኝ ስላቸው «አዎ፣ አንድ ወንድ አጠገብዎ ይታየኛል» አሉ። የለኝም ብል ደግሞ «ልክ ነው፣ ካርዱም ያለው ይህንኑ ነው» ማለት ይቻላቸው ነበር። እንዲህ ያለ ጥያቄ በሁለቱም መልስ ያወቀ ያስመስላል። ከዚያ ስሙ በ«መ» ወይም በ«አ» የሚጀምር ሰው ፈለጉ፤ ዝም ስል «ምናልባት በሰ» አሉ። የሳቱት ፊደል ሳይቆጠር የተገኘው ብቻ ተቆጠረላቸው። ኮልድ ሪዲንግ የሚባለው ይኸው ነው፦ መረጃው የወጣው ከእኔ አፍና ፊት ሲሆን የተመለሰልኝ ግን ከካርዱ እንደመጣ ተደርጎ ነው።

«ተጫዋች ነዎት፣ አንዳንዴ ግን ራስዎን ይሰበስባሉ» ላሉኝም መልስ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1948 በርትራም ፎረር የተባለ የሥነ ልቦና መምህር የባሕርይ ፈተና ለሰጣቸው 39 ተማሪዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ጽሑፍ «የግል ውጤታችሁ ነው» ብሎ አደለ። ይህን የመሰለ ዓረፍተ ነገርም ነበረበት። ተማሪዎቹ ለትክክለኛነቱ በአማካይ ከ5 4.26 ሰጡት። የባርነም ውጤት የሚባለው ይህ ነው። ስለዚህ ሠራተኛችሁ በስልክ «ሌሎች ደንበኞች እኮ ይደነቃሉ፣ እርስዎ ልብዎን ዘግተው ነው» ያሉኝ ስድብ እንጂ ማስረጃ አይደለም። የፎረር ተማሪዎችም ጽሑፉ ልክ መስሏቸው ነበር።

ሐቀኛ አንባቢ መጠየቅ ከፈለገ በግልጽ ይጠይቃል፤ የነገሩትንም «ታየኝ» ብሎ አይመልስም። ከመናገሩ በፊት ዓረፍተ ነገሩን ይገለብጠዋል፤ ተቃራኒው ለዚያው ሰው እኩል የሚስማማ ከሆነ ይተወዋል። የሳተውንም ከያዘው ጋር ይመዘግባል። ቀጠሮዬን ሁለት ጊዜ ስትለውጡ ታግሻለሁ፤ ቃል የገባችሁት የድምፅ ቅጂ እስከ ዛሬ አለመምጣቱ ግን ይህን ምዝገባ እንዳልሠራ ከልክሎኛል።

ስለዚህ ገንዘቤ ይመለስ፣ ቅጂውም ይላክልኝ። «ያለ ጥያቄ» የሚለውን ማስታወቂያ ማቆየት ከፈለጋችሁ ደግሞ ፈትኑት። አንባቢዋ ለአምስት ሰዎች ፊታቸውን ሳያዩና ሳያነጋግሩ አምስት ንባብ ይጻፉ። ስምና ዕድሜ ከንባቦቹ ይሰረዝ፤ እያንዳንዱ ሰው አምስቱንም አንብቦ የራሱን ይምረጥ። በግምት ብቻ ከአምስቱ አንዱ ያገኛል ተብሎ ይጠበቃል፤ ሁለት ቢያገኙም ብዙ አይባልም፤ ስለዚህ በሌሎች ሰዎች ደጋግሙት። ይህን ካልፈለጋችሁ ማስታወቂያው ይውረድ።

በአሥር ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልመለሳችሁልኝ ይህን ደብዳቤ ከቀደሙት ሦስቱ ጋር ለሸማቾች ጥበቃ አቀርባለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ደንበኛችሁ