የእትዬን አስር ደቂቃ ጻፉላቸው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ደሴ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል፣ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው ሕሙማን በሚተኙበት ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ሆስፒታላችን የሠራተኞች የምስጋና ቀን ሊያከብር ሽር ጉድ እያለ ነው። ለጽዳት፣ ለጥበቃ፣ ለልብስ አጣቢዎችና ስትሬቸር ለሚገፉት የሚሰጠውን የምስጋና ወረቀት ረቂቅ አይቼዋለሁ። «ላሳዩት ቅንነትና ታታሪነት» ይላል። ለሁሉም አንድ ነው፤ ስም ብቻ ይቀየራል። ክፋት የለውም። ግን ለባንክ ጥበቃም ለትምህርት ቤት ተላላኪም ቢሰጥ ይሄዳል። ሰዎቹ ሆስፒታል ውስጥ ምን እንደሠሩ አንድ ቃል አይናገርም። ወረቀቱ ከመታተሙ በፊት የማየውን ልናገር ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ሁሉንም ልዘርዝር ብል ጋዜጣው አይበቃም። ስለ አንድ አልጋ ልንገራችሁ።

ክፍላችንን የሚያጸዱትን ሴት «እትዬ» ነው የምንላቸው። ስማቸው እንዲጠራ አይወዱምና እዚህም እትዬ ይሁኑ። በቅርቡ ቁስሉ አመርቅዞ የቆየ አንድ ታካሚ ድኖ ወጣ። ቤተሰቡ መርቆን ሄደ። አልጋው ባዶ ሆነ። ኮሪደሩ ላይ ደግሞ ገና ከኦፕራሲዮን የወጣ ሌላ ሰው ስትሬቸር ላይ ይጠብቃል። ላላወቀ ሰው ቀሪው ሥራ አንሶላ መቀየር ብቻ ነው። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። መግል የሚያስይዙት ተህዋሲያን ሰውየው ስለወጣ አብረውት አይወጡም። ደረቅ ፕላስቲክና ብረት ላይ ለሳምንታት፣ አንዳንዶቹም ለወራት መቆየት ይችላሉ። አዲሱ ታካሚ ትኩስ ቁስል ይዞ ነው እዚያ ላይ የሚተኛው።

እትዬ መጀመሪያ ወፍራሙን የጎማ ጓንት አጠለቁ። አንሶላውን አላራገፉትም። ከዳር ወደ መሃል፣ ቆሻሻውን ወደ ውስጥ እያደረጉ በዝግታ ጠቀለሉት። በዝግታ የሆነበት ምክንያት አለው። አንሶላ እጥፋት ውስጥ ባለሙያ የረሳው መርፌ ሊኖር ይችላል። እንግዲህ ያንን መርፌ የረሳው ባለሙያ ነው፤ የሚወጋው ግን የጽዳት ሠራተኛ ወይም ልብስ አጣቢ ነው።

ቀጥሎ በረኪና አይደለም፤ ሳሙና ነው። ይሄን ብዙ ሰው ይገለብጠዋል። ደም፣ መግል ወይም እድፍ ያለበት ነገር ላይ በረኪና ቢፈስ ጉልበቱን እድፉ ላይ ይጨርስና ለተህዋሲያኑ አይተርፍም። ስለዚህ በሳሙናና በውሃ ታጥቦ እድፉ መነሳት አለበት። እትዬ ጨርቃቸውን አራት ቦታ አጥፈው ይይዛሉ። አንዱ ገጽ ሲቆሽሽ ወደ ሌላው ይገለብጡታል፤ ሁሉም ሲያልቅ ጨርቁ ይቀየራል። የተጠቀሙበትን ጨርቅ መልሰው ንጹሑ ባልዲ ውስጥ አይነክሩም። ከነከሩማ ቀሪው አልጋ ሁሉ በቆሻሻ ውሃ ተቀባ ማለት ነው። ከንጹሑ ወደ ቆሻሻው፣ ከላይ ወደ ታች ነው የሚሄዱት። የግሉኮስ መስቀያው፣ ኮመዲኖው፣ ሁሉም ሰው የሚጨብጠው የአልጋው ብረት፣ ከዚያ ፍራሹ። የፍራሹን ሥሩንም ስፌቱንም ያያሉ። ፕላስቲኩ ከተቀደደ እርጥበት ወደ ስፖንጁ ይገባል፤ ያን ደግሞ ከላይ የቱንም ያህል ቢወለውሉት አያወጣውም። ስለዚህ የተቀደደ ፍራሽ ሲያገኙ ዝም አይሉም። ወለሉ መጨረሻ ነው። ያውም በደረቁ አይጠረግም፤ አቧራው ተነስቶ ቁስል ላይ ስለሚያርፍ።

አሁን ወደ በረኪናው እንምጣ። አብዛኛው ገበያ ላይ ያለው በረኪና አምስት ፐርሰንት ነው። ለዚህ ሥራ የሚፈለገው ግማሽ ፐርሰንት ነው። አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ ማለት ነው፤ በአስር ሊትር ባልዲ አንድ ሊትር በረኪናና ዘጠኝ ሊትር ውሃ። እትዬ ትምህርታቸው ብዙ አይደለም፤ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቁጥር ግን ሳያዩ አይቀዱም። አንዳንዴ አራት ፐርሰንት ይመጣል። ያኔ አንድ ለሰባት ይሆናል። በዘጠኙ ቢቀጥሉ ሳይታወቅ ይቀጥናል፤ ሽታው ግን ያው ስለሆነ አታላይ ነው። የትናንቱን ዛሬ አይጠቀሙም፤ የተበጠበጠ በረኪና እያደር ይደክማል። ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን ነው የሚሉት፤ ትኩስ ውሃ ያዳክመዋል፣ ጭሱም ያፍናል። ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋርማ በፍጹም አያገናኙትም። ሁለቱ ሲቀላቀሉ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ውሃ በሚጠፋበት ሰሞን፣ ደሴ ደግሞ ውሃ ሲጠፋ ታውቁታላችሁ፣ በጀሪካን ተሸክመው ያመጡትን ለአንድ አልጋ ለሳሙናው፣ ለበረኪናውና ለማለቅለቂያው ያብቃቁታል።

እና በረኪናው ተቀባ። እዚህ ጋ ነው ጭቅጭቁ የሚነሳው። የተቀባው ነገር አስር ደቂቃ እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። ቶሎ በጨርቅ ከተደረቀ መቀባቱ ከንቱ ነው። ከዚያ በኋላ ብረቱ እንዳይዝግ በውሃ ይለቀለቃል። አስር ደቂቃ ደግሞ ስትሬቸር ላይ በሽተኛ ይዞ ለቆመ ሰው ረጅም ነው። ስትሬቸር የሚገፋው ልጅ «እትዬ፣ በቃ እኮ ጸድቷል!» አላቸው። አስታማሚው ተቆጣ። ሐኪሙም ብቅ ብሎ «ምን ይጠበቃል?» አለ። እትዬ በሩ ላይ ቆመው የግድግዳውን ሰዓት አዩና፣ «ዶክተር፣ አራት ደቂቃ ይቀረዋል» አሉ። ሐኪሙ ዝም አለ። አራቱ ደቂቃ ሞላ። አልጋው ተለቅልቆ ደረቀ፤ አንሶላ ነጠፈ፤ ሰውየው ገባ።

እንግዲህ እዚህ ቤት ውስጥ ሐኪም ጠብቅ የሚባልበት ቦታ ስንት ነው? ወረቀቱ ላይ «ታታሪነት» ከማለት ይሄን አስር ደቂቃ ጻፉላቸው። «አስር ደቂቃው ሳይሞላ አልጋው ላይ በሽተኛ እንዳይተኛ በር ላይ ስለቆሙ» ቢል፣ እትዬም ምን እንደተመሰገኑ ያውቃሉ፣ አዲስ የሚቀጠረውም ምን እንደሚጠበቅበት ያውቃል። ሐኪሙም ቢያነበው አይጎዳም።

ስለ ጥበቃዎቹም ጥቂት ልበል። ወሎ ላይ ታሞ መተኛት ማለት መንደሩ በሙሉ ሆስፒታል መጣ ማለት ነው። እድሩ ይመጣል፣ ዘመዱ ይመጣል፣ ከሐይቅና ከኩታበር ድረስ ምግብ ተቋጥሮ ይመጣል። ወግ ነው፤ አልቃወመውም። ግን ጠዋት ቁስል ፈተን በምናሽግበት ሰዓት አንድ አልጋ ዙሪያ ስምንት ሰው ከቆመ ሥራው አይሠራም። የእኛ የበር ጥበቃ ይሄን ሁሉ ሰው ሳያስቀይም ይይዛል። «አብሽሩ፣ ሁላችሁም ትገባላችሁ፤ ሁለት ሁለት ሆናችሁ» ይላል። አዛውንት ካሉ ከራሱ ወንበር ተነስቶ ያስቀምጣል። ምጥ የያዛት ሴት በባጃጅ ስትደርስ ደግሞ ወረፋም ካርድም አይጠይቅም፤ ዊልቸሩን ይዞ እየሮጠ ነው የሚደርሰው። በሩ ላይ የቆሙ ባጃጆችን ለአምቡላንስ ሲያስለቅቅ የሚሰማውን ስድብ እኔ ብሆን አልችለውም።

ምስጋናው ከወረቀት አልፎ እንዲሄድ የምጠይቀው አንድ ነገር አለ። የጉበት በሽታ የሚያመጣውን ሄፓታይተስ ቢ የሚከላከለው ክትባት ነው። ያልተከተበ ሰው ቫይረሱ ባለበት ሰው መርፌ ቢወጋ የመያዝ ዕድሉ ከኤችአይቪው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ክትባቱ ግን አለ። ሦስት ጊዜ ነው የሚሰጠው፤ ከመጀመሪያው ወር በኋላ ሁለተኛው፣ በስድስተኛው ወር ሦስተኛው። እኛ ነርሶች ወስደናል። የጽዳትና የልብስ እጥበት ሠራተኞቹ ግን ብዙዎቹ አልወሰዱም፤ አንዳንዱም አንዱን ወስዶ ቀጠሮው ተረስቷል። ምክንያቱ ቀላል ነው። የተቀጠሩት ሆስፒታሉ በውል ባስገባው ድርጅት በኩል ስለሆነ የሆስፒታሉ የሠራተኛ መዝገብ ውስጥ ስማቸው የለም። ድርጅቱ «የሆስፒታሉ ሥራ ነው» ይላል፤ ሆስፒታሉ «የድርጅቱ ሠራተኞች ናቸው» ይላል። መርፌው ግን የማን ሠራተኛ እንደሆኑ አይጠይቅም። በምስጋናው ቀን እዚያው ጠረጴዛ ላይ የመጀመሪያው ዙር ይሰጥ፣ የቀጣዮቹ ሁለት ዙሮች ቀንም በካርድ ተጽፎ በእጃቸው ይያዝ። የተወጋ ሰው ደግሞ ቦታውን ሳይጨምቅ በሳሙናና በውሃ ታጥቦ ወዲያው ለማን እንደሚናገር ይነገረው። የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት ፈጥኖ መጀመር አለበት፤ ከ72 ሰዓት ካለፈ አይሰጥም። ተቆጪ ፈርቶ እስከ ሰኞ ዝም ያለ ሰው ያን ጊዜ አሳለፈው ማለት ነው።

እዚያው መዝገብ ላይ ሌላም ችግር አለ። የተሸላሚዎች ዝርዝር የተወሰደው ከደመወዝ መክፈያው ነው አሉ። በውል የገቡት እዚያ ላይ ስለሌሉ፣ የጽዳትና የጥበቃ ሠራተኞች የምስጋና ቀን ከጽዳትና ከጥበቃ ሠራተኞች ግማሾቹ ሳይጠሩ ሊከበር ነው። ዝርዝሩን ከየክፍሉ ኃላፊ ብትወስዱት ይስተካከላል። ማን የትኛውን ክፍል እንደሚያጸዳ፣ ማን የትኛው በር ላይ እንደሚያድር እኛ እናውቃለን።

ሰዓቱም ቢታይ ጥሩ ነው። ዝግጅቱ ጠዋት 4:00 ላይ ይሁን ተብሏል። ያ ሰዓት የሐኪሞች ዙር አልቆ ታካሚ የሚወጣበት፣ ማለትም አልጋ የሚታጠብበት ነው። እትዬ ጥለው አይመጡም፤ አውቃቸዋለሁ። ሌሊቱን ያደሩት ጥበቃዎች ደግሞ ያኔ እቤታቸው ተኝተዋል። ተረኛ በሚቀያየርበት በ1:30 ቢሆን የሌሊቱም የቀኑም ሰው ግቢ ውስጥ ይገኛል። ንግግሩ ይጠር፤ አስተዳደሩም አንድ ቀን በጠዋት ይነሳ። ድፎ ዳቦውን እኛ የክፍሉ ነርሶች እንችላለን።

ከሰላምታ ጋር
አንዲት ነርስ፣ ከደሴ