ለደንበኞቻችን፦ ስለ ሜታሊክና ራፍነስ ማፖች፣ በአንድ ጀሪካን ምክንያት

ውድ ደንበኞቻችን፣

በቅርቡ ከእናንተ አንዱ የብረት ጀሪካን ሞዴል ላከልን። ጀሪካኑ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ነው። ጠርዝ ጠርዙ ላይ ቀለሙ ተልጦ ብረቱ ይታያል፤ ሥሩን ደግሞ ዝገት በልቶታል። በጥንቃቄ የተሠራ ቴክስቸር ነበር፣ እያንዳንዱ ጭረት በእጅ የተሳለ። አብሮት የመጣው መልእክት ግን እንዲህ ይላል፦ «በእኔ ፕሮግራም ላይ ደህና ነበር። ጌሙ ውስጥ ሲገባ ውኃ ውስጥ ተነክሮ የወጣ ጠርሙስ መሰለ፤ የተላጠው ቦታ ደግሞ ከሰል ሆነ።»

ይህን ቅሬታ በተለያየ መልኩ ደጋግመን ስለምንሰማ፣ በባለቤቱ ፈቃድ ጀሪካኑን ይዘን ምን እንደተበላሸና እንዴት እንዳስተካከልነው ልንጽፍላችሁ ወሰንን። ችግሮቹ ሦስት ነበሩ፤ ሦስቱም አንድ ፋይል ውስጥ ተገናኝተዋል።

አስቀድሞ ግን ስለ አሠራሩ ጥቂት እንበል። በሜታሊክና ራፍነስ አሠራር ኢንጂኑ ስለ አንድ ፒክሰል በዋናነት ሦስት ነገር ይጠይቃል። ቤዝ ከለር ቀለሙን ይነግረዋል። ራፍነስ ገጹ በዓይን በማይታይ ደረጃ ምን ያህል ሻካራ እንደሆነ ይነግረዋል፤ 0 መስታወት ነው፣ 1 ደግሞ እንደ ጠመኔ ብርሃኑን በየአቅጣጫው የሚበትን ገጽ ነው። ሜታሊክ የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ እዚህ ቦታ ላይ ዓይን የሚያርፈው ባዶ ብረት ላይ ነው ወይስ አይደለም? ብዙ ሰው ሜታሊክን የማብረቅረቂያ ቁልፍ አድርጎ ይወስደዋል፤ ስሙ ራሱ ያሳስታል። የሚያብረቀርቅና የሚደበዝዝን ነገር የሚለየው ራፍነስ ነው። የሜታሊክ ሥራ ቤዝ ከለር የተባለውን ቀለም ኢንጂኑ በየትኛው መንገድ እንዲጠቀምበት መወሰን ነው።

ስሌቱ አጭር ስለሆነ እንዳለ እናስቀምጠው፦

```
F0      = 0.04 * (1 - metallic) + baseColor * metallic
diffuse = baseColor * (1 - metallic)
```

F0 ገጹን ፊት ለፊት ስናየው የሚመልሰው የነጸብራቅ መጠን ነው። ፕላስቲክ፣ እንጨት፣ ቀለም፣ ቆዳ፣ ድንጋይ፣ ባጠቃላይ ብረት ያልሆነ ነገር፣ ከሚያርፍበት ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን ብቻ ከላይ ያንጸባርቃል፤ ነጸብራቁም የመብራቱን ቀለም እንጂ የዕቃውን ቀለም አይዝም። የዕቃው ቀለም የሚመጣው ውስጥ ገብቶ ተበትኖ ከሚወጣው ብርሃን ነው። ብረት ግን ውስጡ የገባውን ብርሃን ስለሚውጥ ተበትኖ የሚወጣ ነገር የለውም፤ ያለው ቀለም ሁሉ የነጸብራቁ ቀለም ነው። ወርቅ ቢጫ የሚሆነው ነጸብራቁ ቢጫ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ሜታሊክ 0 ሲሆን ቤዝ ከለር የተበተነው ብርሃን ቀለም ይሆናል፣ 1 ሲሆን ደግሞ የነጸብራቁ።

አሁን ወደ ጀሪካኑ እንመለስ። ሠሪው «ጀሪካኑ ብረት ነው፣ ግን ቀለም ተቀብቷል» ብሎ አስቦ አረንጓዴው ላይ ሜታሊኩን 0.5 አድርጎታል። ሐሳቡ የዋህ ነው፣ ምክንያትም አለው፤ ነገር ግን ብርሃኑ የሚያውቀው የላይኛውን ገጽ ብቻ ነው። ከቀለሙ ሥር ብረት ይኑር ጣውላ ለብርሃኑ ለውጥ የለውም። የቀለሙ ፒክሰል 63፣ 124፣ 80 ነበር፤ ኢንጂኑ ወደሚያሰላበት ትክክለኛ የብርሃን መጠን፣ ማለትም ወደ ሊኒየር፣ ሲቀየር 0.05፣ 0.20፣ 0.08 ገደማ ይሆናል። ሜታሊክ 0.5 ሲገባበት የተበተነው ብርሃን በግማሽ ይወርዳል፣ ስለዚህ አረንጓዴው ይጠቁራል። ነጸብራቁ ደግሞ በሦስቱም ቻነል 0.04 መሆን ሲገባው 0.045፣ 0.12፣ 0.06 ይሆናል፤ ማለትም አረንጓዴ ነጸብራቅ። ነጭ መብራት በቀለም ቅብ ላይ ሲያርፍ ነጭ ነጥብ ማየት አለብን። እዚያ ነጥብ ላይ የዕቃውን ቀለም ካያችሁ ሌላ ምርመራ ሳትጀምሩ ሜታሊክ ማፑን ክፈቱ።

ቀለሙ ላይ ሜታሊኩን 0 አደረግነው። ዝገቱም ላይ 0 አደረግነው፤ ዝገት ከብረት ይወለድ እንጂ ራሱ ብረት አይደለም፣ ኦክሳይድ ነውና እንደ አፈር ነው የሚታየው። አቧራና ጭቃም እንዲሁ። 1 የቀረው የተላጠው ጠርዝ ብቻ ነው። በትክክል የተሠራ ሜታሊክ ማፕ ለብቻው ሲታይ ጥቁርና ነጭ ብቻ የሆነ፣ ስልችት የሚያደርግ ምስል ነው። ውበት ካለው፣ ግራጫ ደመና ካለበት፣ አንድ ነገር ተሳስቷል ማለት ነው። መካከለኛ ዋጋ ቦታ የሚያገኘው ሁለቱ በሚገናኙበት ጠባብ ድንበር ላይ፣ ወይም ስስ አቧራ ባዶ ብረትን በከፊል ሲሸፍን ነው።

ሁለተኛው ከሰል የሆነው ጠርዝ ነው። እዚህ ሜታሊኩ ትክክል ነበር፣ 1። ስህተቱ ያለው ቤዝ ከለሩ ላይ ነው። ሠሪው የብረት ፎቶ አይቶ ብረቱ ጥቁር ግራጫ ሆኖ ስለታየው 60፣ 60፣ 60 ቀብቶታል። ፎቶው ላይ ያለው ጥቁረት ግን የብረቱ ሳይሆን ብረቱ ውስጥ የታየው የክፍሉ ጨለማ ነው። 60 ወደ ሊኒየር ሲቀየር 0.045 ነው። ይህ ማለት ጠርዙ ከሚያርፍበት ብርሃን ልክ እንደ ፕላስቲክ 4 በመቶ ተኩል ብቻ ያንጸባርቃል፤ ብረት ተብሎ ስለተመዘገበ ደግሞ የሚበትነው ብርሃን የለውም። ከሁለቱም ያጣ ነገር ከጥቁር በቀር ምን ይሆናል? የንጹሕ ብረት ነጸብራቅ በሊኒየር 0.56 ገደማ ነው፣ ፒክሰሉ 198 አካባቢ። ባዶ ብረት ቤዝ ከለሩ ከ180 በታች ሲወርድ እኛ ሁልጊዜ ቆም ብለን እንጠይቃለን። ብረቱ አርጅቶ እንዲደበዝዝ ከፈለጋችሁ ቤዝ ከለሩን ከማጥቆር ራፍነሱን ከፍ አድርጉ።

አንድ ማሳሰቢያ ግን አለ። ቁጥሩ ተስተካክሎም ብረቱ ጥቁር ከሆነ ቴክስቸሩን አትንኩት። ብረት የሚያሳየው አካባቢውን ነው፤ አካባቢው ባዶ ከሆነ ባዶውን ያሳያል። አንድ አምፖል ብቻ ባለበት ጥቁር ትዕይንት ውስጥ ትክክለኛ ብረት ጥቁር መሆኑ ደንብ ነው። ኤችዲአርአይ አካባቢ አስገብታችሁ ተመልከቱት።

ሦስተኛው፣ ጀሪካኑን እርጥብ ያስመሰለው፣ ከሥዕሉ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ለዚህም ነው በሠሪው ፕሮግራም ላይ ያልታየው። የቀለሙ ራፍነስ 128 ነበር፣ ማለትም 0.5፣ ለመደበኛ ቅብ ቀለም መልካም ቁጥር። ጌሙ ውስጥ ሲገባ ግን ምስሉ እንደ ቀለም ተቆጠረ፤ ኢንጂኑ sRGB ነው ብሎ ወደ ሊኒየር ቀየረውና 0.5 የነበረው 0.216 ሆነ። ብዙ ኢንጂኖች ራፍነሱን በራሱ አባዝተው ስለሚጠቀሙበት ልዩነቱ ይሰፋል፦ 0.25 መሆን የነበረበት 0.047 ይሆናል። ሰፊና ለስላሳ መሆን የሚገባው የብርሃን ነጥብ ጠቦ ይሾላል፣ ዓይን ደግሞ ይህን እርጥበት ብሎ ያነበዋል።

ቤዝ ከለር ቀለም ነው፤ ራፍነስና ሜታሊክ ግን ምስል መስለው የተቀመጡ ቁጥሮች ናቸው፣ ማንም ሊቀይራቸው አይገባም። በብሌንደር ውስጥ የምስሉን `Color Space` ወደ `Non-Color` አድርጉ። በአንሪል ቴክስቸሩን ከፍታችሁ `sRGB` የሚለውን ምልክት አንሡ፤ በዩኒቲም `sRGB (Color Texture)` የሚለውን። ሜታሊክ ብቻውን ይህን ስህተት ይደብቃል፣ 0 እና 1 ቢቀየሩም 0 እና 1 ናቸውና። ስለዚህ «ሜታሊኬ ደህና ነው» ማለት ራፍነሱም ደህና ነው ማለት አይደለም።

እዚሁ ላይ ሳለን ሁለት ነገር እንጨምር። በglTF ፋይል ሁለቱ ማፖች አንድ ምስል ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ራፍነስ በአረንጓዴው ቻነል፣ ሜታሊክ በሰማያዊው። ቦታቸው ቢቀያየር የተቀባው ገጽ የሜታሊኩን 0 እንደ ራፍነስ ወስዶ መስታወት ይሆናል፤ ወዲያው ይታወቃል። ይህን ምስል በJPEG አታስቀምጡት። JPEG ቀለምን የሚጨምቀው ዓይንን ለማታለል ስለሆነ የአንዱን ቻነል ቁጥር ወደ ሌላው ያፈሳል፤ ጥርት ያለው ድንበርም ይቆሽሻል። PNG ይሁን። ሁለተኛው የዩኒቲ ነገር ነው፦ የተለመደው `Lit` ማቴሪያል የሚጠብቀው ራፍነስ ሳይሆን ተቃራኒውን፣ `Smoothness`ን ነው፤ እሱም በሜታሊክ ማፑ አልፋ ቻነል ይቀመጣል። ሳይገለበጥ የገባ ራፍነስ ጭረቱን አብረቅራቂ፣ ጤነኛውን ቀለም ደብዛዛ ያደርገዋል።

ሦስቱን ካስተካከልን በኋላ አንድ እንከን ቀረ፦ በተላጠው ብረትና በአረንጓዴው መካከል ከሩቅ ሲታይ የሚጎላ ቀጭን ነጣ ያለ መስመር። ይህ የሠሪው ጥፋት አይደለም፣ የአሠራሩ ጠባይ ነው። ምስሉ ሲያንስ ድንበሩ ላይ ያሉ ፒክሰሎች ይቀላቀላሉ፤ የብረቱ ደማቅ ቤዝ ከለር ወደ ቀለሙ ይገባል፣ ሜታሊኩ ደግሞ ገና ግማሽ ላይ ስለሆነ ያ ድምቀት እንደተበተነ ብርሃን ይወጣል። ጨርሶ አይጠፋም። ድንበሩን በአንድ ፒክሰል ስፋት ጥርት አድርገን ሳልነው፣ ጠርዞቹ ያሉበትንም የዩቪ ክፍል አሰፋነው፤ ከተለመደው የመመልከቻ ርቀት አሁን አይታይም።

ከእንግዲህ ፋይል ስትልኩልን ሦስቱን ማፖች ለየብቻ፣ ሳይጣመሩ በPNG ላኩልን፤ ማጣመሩን ለምትጠቀሙበት ኢንጂን እኛ እንሠራዋለን። የትኛው ኢንጂን እንደሆነም በአንድ መስመር ጻፉልን። የተመለሰ ፋይል ያላችሁ ደንበኞች ደግሞ ጀሪካኑ ላይ ያየናቸውን ሦስት ነጥቦች ፈትሻችሁ መልሳችሁ ብትልኩ ለሁለተኛው ዙር ክፍያ አንጠይቅም።

ከአክብሮት ጋር፣
የማቴሪያል ክፍል